ኳሱ አንዴ ይንጠር፦ በዊልቸር የሚሄድ ተማሪና እይታዋ የደከመ ተማሪ በአንድ የመረብ ኳስ ክፍለ ጊዜ

ጥያቄ፦ «የ9ኛ ክፍል የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። በአንድ ክፍል 48 ተማሪዎች አሉኝ። አንዱ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው፤ እጆቹ ጠንካራ ናቸው። ሌላዋ እይታዋ ደካማ ነው፤ መጽሐፍ ፊቷ ድረስ አስጠግታ ታነባለች፣ ፀሐይ ላይ ዓይኗን ትጨፍናለች። በሚቀጥለው ሳምንት መረብ ኳስ እጀምራለሁ። እሱን ነጥብ መዝጋቢ፣ እሷን ኳስ አቀባይ ላደርጋቸው ነበር። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ሁሉንም መሬት ላይ አስቀምጠህ አጫውት፤ ለሷም ቃጭል ያለው ኳስ ፈልግላት› አለኝ። የመረብ ኳስ ሜዳችን አፈር ነው፤ ከጎኑ የሲሚንቶ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ። ያሉን ሦስት ኳሶች ናቸው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ምን ይሻላል?»

ምላሽ፦ ነጥብ መመዝገብና ኳስ መልቀም ሁሉም ተማሪ በየተራው የሚሠራው ሥራ ነው፤ የሁለት ተማሪዎች ቋሚ ቦታ ከሆነ ግን እነሱ መረብ ኳስ አልተማሩም ማለት ነው። በትምህርቱ ውጤት የሚሰጧቸው ከሆነ ደግሞ ያላስተማሩትን ሊመዝኑ ነው። ኢትዮጵያ በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በ30ኛው አንቀጹ፣ አካል ጉዳተኛ ልጆች በትምህርት ቤት ውስጥ ያለውን ጨምሮ ከሌሎች ልጆች እኩል በጨዋታና በስፖርት የመሳተፍ ዕድል እንዲያገኙ መንግሥታትን ያስገድዳል። ስለዚህ ያሰቡትን ይተዉት። የባልደረባዎ ሐሳብ የተሻለ ይመስላል፤ ግን እሱም ለክፍልዎ አይሆንም፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

መሬት ላይ ተቀምጦ የሚጫወቱት መረብ ኳስ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። በ1956 ኔዘርላንድ ውስጥ ተጀመረ፤ ከ1980ው የአርነም ጨዋታዎች ጀምሮ የፓራሊምፒክ ውድድር ሆነ፤ ሴቶች በ2004 አቴንስ ላይ ተቀላቀሉ። ሜዳው 10 በ6 ሜትር ነው፤ መረቡ ለወንዶች 1.15፣ ለሴቶች 1.05 ሜትር ከፍ ይላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ይህ የዊልቸር መረብ ኳስ አይደለም። ዊልቸር ሜዳው ውስጥ አይገባም። ተጫዋቹ በመቀመጫው ወለሉ ላይ እየተንፏቀቀ፣ በእጆቹ እየገፋ ይንቀሳቀሳል፤ ኳሱን ሲመታ መቀመጫው ከወለል መነሳት የለበትም። ይህን የሚችለው ወገቡን ያለ ድጋፍ ቀጥ አድርጎ መያዝ የሚችል ሰው ነው፤ እግሩን የተቆረጠ ተጫዋች ለምሳሌ ሰው ሠራሽ እግሩን አውልቆ በደንብ ይጫወተዋል። ተማሪዎ በዊልቸር የሚሄደው በአከርካሪ ጉዳት ከሆነና ወገቡ የማይታዘዘው ከሆነ፣ ወንበሩን ነጥቀው መሬት ላይ ማስቀመጥ ማለት መንቀሳቀሻውን መንጠቅ ነው። ሌላም አለ፤ መቀመጫው ላይ ስሜት የሌለው ልጅ ሲሚንቶ ላይ ሲንፏቀቅ ቆዳው መላጡን አያውቀውም። እንዲህ ያለ ቁስል ለመዳን ወራት ሊፈጅ፣ ትምህርትም ሊያቋርጥ ይችላል።

ለልጅቷ ደግሞ ይበልጥ ይከፋል። መረቡ ዝቅ ሲል፣ ሜዳውም ሲያጥር ኳሱ ይፈጥናል። ከቆሙት ጨዋታ ይልቅ ተቀምጠው የሚጫወቱት ለዓይን የሚሰጠው ጊዜ ያነሰ ነው። ባልደረባዎ አንዱን ለማስገባት ሲል ሌላዋን ያስወጣል ማለት ነው። ወደፊት ሣር ወይም ፍራሽ አግኝተው፣ ልጁም ራሱ ፈልጎ፣ ወላጆቹም ስለ ቆዳውና ስለ ወገቡ ነግረውዎ ከሆነ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ክፍሉን ተቀምጠው ቢያጫውቱ አልቃወምም። ዋናው መፍትሔ ግን አይደለም።

ቃጭል ያለውን ኳስም አይፈልጉ። ቃጭል የሚጮኸው ኳሱ መሬት ላይ ሲንከባለል ወይም ሲነጥር ነው፤ ለዚህ ነው ማየት የተሳናቸው በሚጫወቱት በጎልቦል የሚያገለግለው፤ እዚያ ኳሱ በወለል ላይ ነው የሚላከው። አየር ላይ በዝግታ የሚሄድ ኳስ ውስጥ ያለ ቃጭል እምብዛም አይሰማም፤ ቢሰማም ጆሮ ድምፅ ከግራ ይሁን ከቀኝ መምጣቱን እንጂ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን በደንብ አይለይም። ከራስ በላይ የሚመጣን ኳስ በጆሮ ብቻ መያዝ አይቻልም። ኳሱን በፌስታል ጠቅልሎ ማንኮሻኮሽ የሚባለውም ዘዴ ለሚንከባለል ኳስ ይረዳል፣ ለመረብ ኳስ ግን አይደለም። ደግሞም ተማሪዎ ማየት የተሳናት አይደለችም። ታያለች፤ የምታየው ግን ዘግይታ ነው።

ሁለቱን ልጆች የሚያገናኛቸው ይህ ነው። ብዙ ሰው መረቡን ዝቅ ማድረግ ላይ ያተኩራል፤ የሁለቱም ችግር ግን የጊዜ እጥረት ነው። ዊልቸር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ይዞራል፤ ወደ ጎን ግን አይሄድም። መረብ ኳስ ደግሞ በአብዛኛው አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን የሚኬድበት ጨዋታ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ወደ ቀኝ የወደቀ ኳስ ላይ ለመድረስ ልጁ ወንበሩን ማዞር፣ መግፋት፣ ማቆም፣ ከዚያ እጆቹን ከጎማው ማላቀቅ አለበት። የሚገፋባቸውና የሚጫወትባቸው እጆች ያው ሁለቱ ናቸው። ልጅቷ በበኩሏ ኳሱን የምታየው ሌሎች ካዩት በኋላ፣ ቀርቧት ሲመጣ ነው። ከ3 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ኳስ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መሬት ይነካል። ለሁለቱም አይበቃም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ኳሱ በእያንዳንዱ ንክኪ መሃል አንድ ጊዜ መሬት ላይ ቢነጥር ይፈቀድ። ጥሩ የተነፋ ኳስ ሲሚንቶ ላይ ሲነጥር ከወደቀበት ከፍታ ግማሹን ያህል ወይም ትንሽ በላይ ይነሳል፤ ይህ ደግሞ አንድ ሰከንድ ያህል ይጨምራል። ልጁ ወንበሩን የሚያዞርበት ጊዜ ያገኛል። ለልጅቷ ከጊዜውም በላይ ሌላ ነገር አለው፦ «ጧ» የሚለው ድምፅ ኳሱ የት እንዳረፈ ይነግራታል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳውም ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት ወደ ደረቷ ነው፤ ስለዚህ የፀሐይ ጨረር ውስጥ አትፈልገውም። ቃጭሉ ሊሠራው የታሰበውን ሥራ ንጥረቱ በነፃ ይሠራዋል።

ይህ የሚሆነው ግን አፈሩ ላይ አይደለም። አፈር ላይ ኳስ ዝቅ ብሎ ይነጥራል፣ ጠጠር ሲያገኝ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ድምፁም ይታፈናል፤ የዊልቸሩ የፊት ትንንሽ ጎማዎችም ይሰምጣሉ። ትምህርቱን ወደ ቅርጫት ኳስ ሜዳው ያዛውሩት። ሙሉ መጠን ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው። መረቡን አይጠቀሙ፤ ከአንዱ የቅርጫት ምሰሶ እስከ ሌላው ድረስ፣ በሜዳው ርዝመት፣ አንድ ወፍራም ገመድ ይወጥሩ። ሜዳው ለሁለት ይከፈላል፤ በርዝመቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 8 ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ትንንሽ ሜዳዎች፣ በመካከላቸውም 2 ሜትር ባዶ መተላለፊያ ይወጣዋል። ከገመዱ ወደ ኋላ 5 ሜትር በጠመኔ ያስምሩ። ሦስት ሜዳ፣ ሦስት ኳስ፤ በአንድ ወገን አራት ሰው ቢቆም በአንድ ጊዜ 24 ተማሪ ይጫወታል፤ ይኸውም የክፍልዎ ግማሽ ነው። ሜዳዎ ከዚህ የሚያንስ ከሆነ የሜዳዎቹን ስፋት ይቀንሱ እንጂ መተላለፊያውን አይንኩት።

ይህን ያህል ርዝመት ያለው ገመድ መሃል ላይ ይረግባል፤ በጉልበት ቢወጥሩትም መርገቡ አይቀርም። በሁለቱ መተላለፊያዎች ላይ አንድ አንድ ዘንግ አቁመው ያንሱት፤ አሮጌ ጎማ ውስጥ በሲሚንቶ የተተከለ ምሰሶ ካለዎት ተመራጭ ነው። ገመዱን ሆን ብለው አዘንብለው ይወጥሩት። በልጁ ሜዳ በኩል 1.60 ሜትር ገደማ፣ በሌላው ጫፍ 2 ሜትር። ቁጥሩን ብቻ አይመኑ፤ ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ገመዱ የእጅ አንጓው አካባቢ መሆን አለበት። በገመዱ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ደማቅ ቀለም ያለው እራፊ ጨርቅ ያንጠልጥሉ። ይህ ለልጅቷ ነው፤ ቀጭን ገመድ አይታያትም፤ ያልታየ ገመድ ደግሞ አንገት ይይዛል። የቅርጫት ምሰሶዎቹንና ዘንጎቹንም እስከ ሰው ቁመት ድረስ በስፖንጅ ወይም በአሮጌ ፍራሽ ይጠቅልሉ፤ ከተቻለ በላዩ ላይ ቢጫ ጨርቅ ያዙሩበት።

ሁለቱን ልጆች በአንድ ሜዳ ላይ አያድርጓቸው። ብዙ አስተማሪ ለአያያዝ እንዲመቸው አንድ ላይ ያደርጋቸውና ከሦስቱ አንዱ «የአካል ጉዳተኞች ሜዳ» ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ሌላ የደኅንነት ምክንያት አለ፦ ሲሚንቶ ላይ ዊልቸር ድምፅ የለውም፤ ቁመቱም ከእይታ መስመር በታች ነው። የእግር ማሳረፊያው ልክ ቅልጥም ላይ ይመታል። ልጁን ወደ ሜዳው መግቢያ በሚቀርበው ጫፍ፣ ልጅቷን በሌላው ጫፍ ያድርጉ። ጫፍ ላይ መሆኗ የሌሎቹ ሜዳዎች ጫጫታ ከአንድ ወገን ብቻ እንዲመጣባት ያደርጋል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። የኳስ ሜዳዎች ብዙ ጊዜ ሰሜን ደቡብ የሚዘረጉት ተጫዋች ጠዋትና ማታ ፀሐይ ፊት ለፊት እንዳይመታው ነው። ገመዱን በርዝመቱ ሲወጥሩ ቡድኖቹ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይዞራሉ። የጠዋት ክፍለ ጊዜ ከሆነ የልጅቷ ቡድን ጀርባውን ለምሥራቅ ይስጥ፤ የከሰዓት ከሆነ ለምዕራብ። በእሷ ሜዳ ላይ ወገን መቀያየር የለም።

አሁን ስለ ልጁ። በመጀመሪያ ወንበሩን ይዩት። ጎማው በደንብ ተነፍቷል? ፍሬኑ ይይዛል? የክንድ መደገፊያው የሚነቀል ከሆነ ለጨዋታው ይነቀል። የእግር ማሳረፊያውን በስፖንጅ ጠቅልለው እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ በጨርቅ ይታሰሩ። በተራ ዊልቸር ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ተንጠራርቶ ኳስ መምታት ወንበሩን በጀርባው ሊጥለው ይችላል፤ በመጀመሪያው ቀን ከሆዱ በላይ፣ ከፊቱ ያለውን ኳስ ብቻ እንዲመታ ይንገሩት። ወንበሩ በእጅ ፔዳል የሚሄደው ባለ ሦስት ጎማ ዓይነት ከሆነ ግን ለዚህ ጨዋታ አይሆንም፤ ፔዳሉ ደረቱ ፊት ነው፤ ወንበሩም ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ያኔ ሌላ ዊልቸር እስኪገኝ ሰፊ መሠረት ያለው ክንድ አልባ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከራሱ ክልል ሳይወጣ ይጫወት። ይህ ሁለተኛ ደረጃ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም ኳስ ይነካበታል።

የት ይቁም? አስተማሪዎች ከደግነት ተነሥተው ገመዱ ሥር ያቆሙታል። ትክክል አይደለም። ገመዱ ሥር ኳስ ይፈጥናል፤ ያመለጠችውንም ለመያዝ ወደ ኋላ መሄድ አለበት፤ ዊልቸር ላይ ሆኖ ወደ ኋላ እየሄዱ ወደ ላይ ማየት ከሁሉም ይከብዳል። ኋላ መስመር አጠገብ፣ ወንበሩን ወደ ሜዳው መሃል በሰያፍ አዙሮ ይቁም። ያኔ ኳሱ ከፊቱ ይነጥራል፤ እሱ ወደ ፊት ገፍቶ ይደርስበታል። ከፊቱ 2 ሜትር ተኩል ያህል ቦታ በጠመኔ ይክበቡለት፤ እዚያ ውስጥ የነጠረ ኳስ የእሱ ነው፤ ሌላ ሰው አይገባም። ይህን ክበብ በቀላሉ አይዩት። ልጁን ከጨዋታ የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሕጉ ወይም ወንበሩ ሳይሆን፣ «ልርዳው» ብሎ ፊቱ ዘልሎ ኳሱን የሚነጥቀው ጓደኛው ነው። ወንበሩንም ማንም ከኋላ ይዞ አይግፋለት።

አመታቱም ይለያል። በክንድ ከወገብ በታች መቀበል ለእሱ አይሆንም፤ ጉልበቱና ጎማው መንገዱ ላይ ናቸው። ከግንባሩ በላይ በጣቶቹ ማቀበልን ያስተምሩት፤ ዝቅ ብላ ከጎን የመጣችውን በአንድ እጅ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ያንሳት። ሰርቪስ ሲመታ ወንበሩን ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ያዙር፣ ፍሬኑን ይያዝ፤ ፊት ለፊት ሆኖ ከታች ወደ ላይ ከመታ እጁ ጎማው ላይ ያርፋል። ከኋላ መስመሩ ካልደረሰለት ሁለት ሜትር ወደ ፊት ይቅረብ። ይህ ዕድል ለማንኛውም ሰርቪሱ ለማያልፍለት ተማሪ ይሰጥ፤ በሁለት እግራቸው ቆመው ኳስ የማያሳልፉም አሉና።

ስለ ልጅቷ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ዓይኗ ከእሷና ከቤተሰቧ መስማት አለብዎ። «ዝቅተኛ እይታ» አንድ ነገር አይደለም። መሃሉ የጠፋበት ሰው ኳሱን አተኩሮ ሲያይ ያጣዋል፣ ዘወር ብሎ በጎን ሲያይ ያገኘዋል፤ ጎን ለጎን የማያይ ሰው ደግሞ ፊቱ ያለውን በደንብ ለይቶ አጠገቡ ካለው ጓደኛ ጋር ይጋጫል። ብርሃን የሚያስቸግረው ሰው ባርኔጣና ጥቁር መነፅር ያስፈልገዋል፤ የዩኒፎርም ሕግ ጥሳለች ብሎ ባርኔጣዋን የሚያስወልቅ አስተማሪ እንዳይኖር። ምርመራ ማድረግ የእርስዎ ሥራ አይደለም። ዶክተሯ ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ጠንካራ ችግር እንዳለባት፣ የሬቲና ጉዳት ወይም የዓይን ቀዶ ጥገና እንደነበራት ከነገራት ግን ፊት ላይ የሚያርፍ ኳስ የቀረውን እይታ ሊያሳጣት ስለሚችል፣ ፈቃዱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ቀላል የፕላስቲክ ኳስ ብቻ ይጠቀሙ። ትክክለኛው የመረብ ኳስ ከ260 እስከ 280 ግራም ይመዝናል፤ የፕላስቲኩ ከዚያ ይቀላል፣ ደህናም ይነጥራል። ችግሩ ነፋስ ነው። ኳሱን ለማለስለስ አየር ማስተንፈስን ግን አይሞክሩ፤ ለጣት ይለሰልሳል፣ ንጥረቱ ግን ይሞታል፤ ንጥረቱ ከሞተ ዘዴው ሁሉ አብሮ ይሞታል።

ከዚያ ሜዳው ላይ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሙከራ ያድርጉ። ሌሎቹ ሳይመጡ፣ ከ3፣ ከ5፣ ከ7 ሜትር ሆነው ኳስ እያነጠሩ ይላኩላትና ያየችበትን ቅጽበት «አየሁ» ትበል። ከዚያ ቦታ ይቀይሩና ይድገሙት፤ ከጀርባዎ ግድግዳ ሲኖር፣ ዛፍ ሲኖር፣ ሰማይ ሲኖር። ልዩነቱ ያስገርምዎታል። ነጭ ኳስ በብሩህ ሰማይ ውስጥ ይጠፋል፤ ከጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ፊት ግን ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ «የትኛው ቀለም ኳስ ይሻላል» የሚለው ጥያቄ ከጀርባው ምን አለ ሳይባል መልስ የለውም። በእሷ ሜዳ የሚገባው ኳስ በዚህ ሙከራ የተመረጠው ይሁን። ሙከራው የት እንደምትቆምም ይነግርዎታል፤ በ5 ሜትር ካየች፣ ከገመዱ 4 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ትቁም እንጂ ገመዱ ሥር አትሁን።

በእሷ ሜዳ ላይ አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ፦ መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ ኳስ። ለእሷ የሚልክ ሁሉ ከመምታቱ በፊት ስሟን ይጠራል። ሌላው የሚወስደው ኳስ ከሆነ ደግሞ ወሳጁ «የኔ!» ይላል። አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ አራቱም «ግራ! ቀኝ! ወደ ኋላ!» ሲሉባት ንጥረቱ አይሰማትም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከነጠረ በኋላ ይዛው፣ ለራሷ ወርውራ ትምታው። ይህን መፍቀድ ያለብዎ ግን እስኪለመዳት ድረስ ነው፤ ኳስ መያዝ ከቀጠለ መረብ ኳሱ ቀረ ማለት ነው።

ሰርቪስን ሁሉም ሰው ለእሷ ከባድ ነው ብሎ ይዘልላታል። በእውነቱ በጨዋታው ውስጥ ለእሷ ከሁሉ የሚቀለው ይኸው ነው፤ ኳሱ እጇ ላይ ነው ያለው፣ የሚያጣድፋት የለም። የሚያስፈልጋት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መስመሩን በእግሯ ማወቅ፤ በጎልቦል እንደሚደረገው መሬት ላይ ሲባጎ ዘርግተው በላዩ ላይ ፕላስተር ይለጥፉ፣ በጫማዋ ይሰማታል። (ጎልቦል የሚጫወቱበት ሜዳ በመጠኑ ልክ እንደ መረብ ኳስ 18 በ9 ሜትር ነው፤ አንድ ቀን ሁሉንም ተማሪ ቢያጫውቷቸው ስለ ጆሯቸው ይማራሉ።) ሁለተኛው ዒላማ ነው፤ በወዲያኛው ወገን ኳስ የሚቀበለው ተማሪ ሁለት ጊዜ ያጨብጭብ፣ ከዚያ ዝም ይበል።

40 ደቂቃው እንዲህ ይሄዳል። ገመዱና ጠመኔው ደወል ሳይደወል ይዘጋጅ፤ አለዚያ ሩብ ሰዓት ይበላብዎታል። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ደቂቃዎች ማሟሟቂያ ናቸው፤ ሩጫ ከሆነ ልጁ ወንበሩን እየገፋ በውጨኛው ዙር፣ ልጅቷ ከአንድ ጓደኛ ጋር አንድ አጭር ጨርቅ ጫፍና ጫፍ ይዘው ይሩጡ። እጇን ይዞ የሚጎትታት አይኑር። ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው ማቀበል፤ ሦስት ኳስ ለ48 ሰው ስለማይበቃ በየሜዳው ተሰልፈው በየተራ፦ አንጥር፣ ስም ጥራ፣ አቀብል። ከአሥር ደቂቃ በላይ አያስኬዱት። ከዚያ 24ቱ ለዘጠኝ ደቂቃ ይጫወታሉ፤ የቀሩት 24ቱ ኳስ ይመልሳሉ፣ ነጥብ ይይዛሉ፣ ንክኪ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ሁለቱ ልጆች በተለያየ ዙር ቢጫወቱ እርስዎ እያንዳንዳቸውን በቅርብ ለማየት ይመችዎታል። የቀረው ጊዜ ለማብረጃና ዕቃ ለመሰብሰብ ነው።

ቁመታሞቹና ጎበዞቹ ያማርራሉ፤ ይጠብቁት። 1.60 ሜትር ገመድ ላይ ቆሞ ወደ ታች መዶሸም ለማንም ቀላል ነው፤ ለተቀመጠ ተጫዋች ግን አደጋ ነው። ስለዚህ በልጁ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚጫወት ሰው ኳሱን ወደ ላይ አቅጣጫ ሰጥቶ ብቻ ያሳልፍ፤ መዶሸም የለም። ንጥረቱን በተመለከተ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ለሁሉም ይሁን፤ እውነቱን ለመናገር ጀማሪ ክፍል ውስጥ ከግማሽ በላዩ ተማሪ ያለ ንጥረት ሦስት ጊዜ አያቀባብልም። ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ መብቱ ለሁለቱ ልጆችና ለሚፈልግ ሁሉ ይቆይ፤ የቀሩት በአየር ይጫወቱ። ይህ ውለታ አይደለም። በዊልቸር ቴኒስ ሕግ በዊልቸር የሚጫወተው ሰው ኳሱ ሁለት ጊዜ እስኪነጥር ይፈቀድለታል፤ በእግሩ ቆሞ የሚገጥመው ተጋጣሚ ደግሞ አንዴ ብቻ። በአንድ ሜዳ ላይ በሁለት ሕግ ይጫወታሉ፤ ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ ይቀጥላል።

የማይሆነውንም ልንገርዎ። ሙሉ ስድስት ለስድስት፣ ደንበኛው መረብ፣ በፍጥነት የሚዶሸም ኳስ ያለበት ግጥሚያ ላይ ሁለቱ እኩል ይሳተፋሉ ብዬ አልዋሽዎትም። በነፋሻ ቀን የፕላስቲኩ ኳስ አይሠራም፤ ጥላ በሌለበት የቀትር ፀሐይ ልጅቷ ከሙከራው ርቀት ግማሹንም ላታይ ትችላለች፤ የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ልጅ ላብ በደንብ ላያወጣ ስለሚችል በሙቀት ቶሎ ይደክማል፤ ውኃና ጥላ ይዘጋጅለት። እንዲህ ባለው ቀን የክፍለ ጊዜውን ዕቅድ ይቀይሩ እንጂ ሁለቱን ብቻ ወደ ጥላ አይላኩ።

ውጤት ሲሰጡ «ጉልበቱን አጥፎ፣ ክንዶቹን አጋጥሞ» የሚለውን መስፈርት በወረቀቱ ላይ ይሰርዙት። በምትኩ ለሁሉም ተማሪ፦ ከአምስት ኳስ ስንቱን ጓደኛው በሚደርስበት ቦታ አሳረፈ? ከአምስት ሰርቪስ ስንቱ ገመዱን አልፎ ሜዳ ውስጥ ወደቀ? ኳስ ሳይነካ በፊት ተናግሯል? ይህ ለቆመውም ለተቀመጠውም አንድ ነው፤ ለሁለቱ ልጆች ተብሎ ነጥብ አይጨመርም፣ አይቀነስም።

ዕቅዱ ሠርቶ እንደሆነ በፊታቸው ፈገግታ አይወስኑ። ከሚያርፉት ተማሪዎች አንዱ የልጁን ቡድን፣ ሌላው የልጅቷን ቡድን የእያንዳንዱን ተጫዋች ንክኪ ለዘጠኙ ደቂቃ በወረቀት ላይ በጭረት ይቁጠር። ሌሎቹ ሦስት ጓደኞች በአማካይ አሥራ ሁለት ጊዜ ነክተው እሱ ወይም እሷ ከስድስት በታች ከነኩ ዕቅዱ አልሠራም። ያኔ መጀመሪያ የሚያዩት ክበቡ ነው፤ ሰው እየገባበት ይሆናል። ቀጥሎ ስም መጥራቱን ያረጋግጡ። ሁለቱም ተከብረው ቁጥሩ አሁንም ዝቅ ካለ በዚያ ሜዳ ላይ በየወገኑ አንድ ሰው ቀንሰው ሦስት ለሦስት ያድርጉት።